የእትዬ የሺ የስንብት ቪዲዮ

ሠራተኛው ጡረታ ሲወጣ ድንገት ፍቅር የሚይዘው አለቃ ገጥሟችሁ አያውቅም? ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ አውቃለሁ። የንብረት ክፍሏ እትዬ የሺ ሲሰናበቱ የቪዲዮውን ስክሪፕት እንድጽፍ ለመነኝ።

ጻፍሁ። በግራ ዓምድ ምስሉን፣ በቀኝ ድምፁንና ሙዚቃውን አሰፈርሁ። ሰው ሲናገር ማሲንቆው ዝቅ፣ ፎቶ ብቻ ሲታይ ከፍ ይላል። እትዬ የሺ ለመቀረጽ የፈቀዱት አንዲት ነገር እንድትወጣላቸው ብለው ነው። ካሜራው ፊት እንዲህ አሉ፦

«ያኔ ገጠር፣ ሮብ ገበያ የተዛወርሁት በቅጣት ነው። ያልገባ ሲሚንቶ ገብቷል ብዬ አልፈርምም ስላልሁ ነው። አገሩ ግን ሰርቃ ነው ይለኛል።»

አለቃው ቅጂውን አይቶ፣ «ይኼ ስንብት ነው ወይስ ችሎት?» አለ። ከዚያ አቀናባሪውን፣ «ድምጿን አጥፋው፤ ማሲንቆውን ከፍ አድርግና ፎቶ አልብሰው» ብሎ አዘዘ። ፎቶውም የራሱ የአለቃው ነበር፤ ችግኝ ሲተክል። ተራኪው ደግሞ በላዩ፣ «ለሥራ ካላቸው ፍቅር የተነሣ ወደ ሮብ ገበያ በፈቃዳቸው ወጡ» አለ።

በስንብቱ በዓል ቀን አዳራሹ አጨበጨበ። ማን አለቀሰ መሰላችሁ? አለቃው! መሐረቡን እንደያዘ መጥቶ ጉንጫቸውን ሳመና ጋቢ አለበሳቸው።

አጠገባቸው ነበርሁ። ጋቢውን ከትከሻቸው አውርደው አጠፉት።

«ቅጣቱንስ ችዬው ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «አሁን ግን ወድጄ የሄድሁ አደረገኝ።»