ዶሮ የመዘነችው ሙገሳ

ትናንት ራቴን በልቼ ጋደም ከማለቴ እንቅልፍ ጣለኝና፣ በሕልሜ ግድግዳ ላይ ተሰቅያለሁ። ፍሬም ውስጥ ነኝ፤ መስተዋቱ አፍንጫዬን ተጭኖታል። ከታች ፎቶግራፎች በማዕዘናቸው እየተንገዳገዱ ይመላለሳሉ። እያንዳንዳችን ፊት ቆም ይሉና «ይሄ ደህና ነው፣ ትንሽ ግን ወይቧል» ተባብለው ያልፋሉ። ከጎኔ የተሰቀሉ አንድ ሽማግሌ ተስፋ እንዳልቆርጥ አጽናኑኝ፤ እሳቸው ከተሰቀሉ ወዲህ ቀና ብሎ ያያቸው አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው አሉኝ።

ከሚያልፉት መሀል ሐመልማል መጣች። ሐመልማል ሐዋሳ የምትኖር፣ በስልክ የምንጻጻፍ፣ አፌን ሞልቼ ባልነግራትም ላገባት የምመኛት ሴት ናት። ሰሞኑን አኩርፋኛለች። ፎቶ በላከችልኝ ቁጥር «ቆንጆ» ብዬ የእሳት ምልክት ስለምደረድርላት፣ «አንድ ቀን እንኳ አይተኸኝ መልስ፤ አለዚያ መላኩን እተወዋለሁ» ብላኝ ነበር። በሕልሜም እሷ ራሷ ፎቶ ሆና፣ ቀና ሳትል አለፈችኝ።

ከነምስማሬ ዘልዬ ወረድኩና ተከተልኳት። መንገዱ ላይ ተሳፋሪዎች ሚኒባሱን ተሸክመው ይሮጣሉ፤ ሚኒባሱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላቸዋል። ዝናቡ ከአስፋልቱ ተነስቶ ወደ ላይ ይዘንባል፤ ሰዉም ጃንጥላውን ዘቅዝቆ ረግጦታል። ሐመልማል መናኸሪያ ስትደርስ ቆመች። በሩ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ ሚዛን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ሴትዮዋን ማስቀረት ትፈልጋለህ?» አለችኝ ዶሮዋ።

እፈልጋለሁ አልኳት። እንግዲያው ስለ ፎቶዋ ያለህን ሙገሳ ሚዛኑ ላይ አስቀምጥ፤ ሚዛኑ ከወረደ ትቀራለች፣ ካልወረደ አውቶቡሱ ይወስዳታል፤ ከዚያ ወዲያ ፊቷን አታይም አለችኝ። በኪሴ የነበረውን «ቆንጆ ነሽ» አውጥቼ ጣል አደረግኩት። ሚዛኑ ጭራሽ ወደ ላይ ተነሳ።

«ይቺን ዛሬ ጠዋት ስንቱ አመጣት መሰለህ» አለች ዶሮዋ። «አንዱማ ለመኪናው አመጣት። ለሁሉም እግር የሚሆን ጫማ ጫማ አይደለም፣ ጆንያ ነው።»

አፈርኩ። ከፍ ላድርገው ብዬ «ከጨረቃ ትበልጫለሽ» አልኩ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጉልበቷን እያሸች የተቀመጠች ሴት ብድግ አለች፤ ለካ ጨረቃ ናት። ለሰው ሁሉ ማነጻጸሪያ እየተባለች ስትጠራ መዋሏ እንዳደከማት፣ የዚህች ልጅ ፊትም የእሷን ዓይነት ክብ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ይቅርታ ጠይቄ መልሼ ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት።

«ዓይንሽ ትልልቅ፣ አፍንጫሽ ሰልካካ» ብዬ ቀጠልኩ። ሚዛኑ ንቅንቅ ብሎ ቆመ። ዶሮዋ ይህ አባቷን የምታመሰግንበት እንጂ እሷን የምታመሰግንበት አይደለም አለችኝ፤ አፍንጫዋን አልመረጠችውም፤ በዚህ ፎቶ ውስጥ የመረጠችው፣ የደከመችበት፣ እንዲታይላት የፈለገችው ምንድን ነው? «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች። «አንተ ግን ገና ዓይንህንም አልገለጥክ።»

እውነቷን ነበር። ያን ጊዜ ነው ሐመልማልን ቀጥ ብዬ ያየኋት። ፎቶው ላይ ግቢዋ ውስጥ ቆማለች። ከኋላዋ ሰማያዊ በር አለ።

«በሩ ያምራል» አልኩ ቸኩዬ።

በሩ ከማጠፊያው ተነቅሎ መጣና እጄን ጨበጠኝ። እስከዛሬ እንዲህ ብሎ ያሞገሰው ሰው እንደሌለ፣ ፈቃዴ ከሆነ ሽማግሌ ሊልክብኝ እንዳሰበ ነገረኝ። ሐመልማል ፊቷን አዞረች። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሳ፤ አስነስቶም ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ፤ እዚያ አገር መሄድ ማለት እንዲያ ነው። ዶሮዋ በሩን በክንፏ ገፍታ መለሰችልኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «ዕቃውን አይደለም፤ ዕቃውንና እሷን የሚያገናኘውን ፈልግ» አለችኝ።

ተጠግቼ አየሁ። የቀኝ እጅጌዋ ተጠቅልሏል። ክርኗ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ። ሻሿ ወደ ጎን ተንሸራቷል፤ ጫማዋ የሌላ ሰው ነው፤ ከግራ በኩል የድመት ጅራት ይታያል፤ ባልዲው ተገልብጧል። ደስታዬ ወሰን አጣና ሁሉንም አንድ በአንድ ሚዛኑ ላይ ከመርኩት። ሚዛኑ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ቃሌን ሊቀበሉ ቁጭ አሉ። ዶሮዋ ክንፏን ራሷ ላይ ጭና፣ ሰው እንደታየ ሲያውቅ ደስ ይለዋል፤ እንደተበረበረ ሲያውቅ ግን በሩን ይዘጋል አለችኝ። አንዷን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን እንዳነሳ አዘዘችኝ።

ክርኗን አስቀረሁ። ሳያት አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የቤቷን በር ብቻዋን መቀባት እንደማትችል፣ የሚያግዛት ሰው እንደሌለ አጫውታኝ ነበር። እኔም «አይዞሽ» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ አልፌ ነበር። ዶሮዋንም ሚዛኑንም ረስቼ ለእሷ ለራሷ ተናገርኩ።

«በሩን ብቻሽን ጨረስሽው አይደል? ክርንሽ ላይ ያለውን ቀለም ሳትታጠቢ ፎቶ መነሳትሽ ደስ አለኝ። አልችለውም ብለሽኝ ነበር፤ አቋቋምሽ ግን የቻለ ሰው አቋቋም ነው። ሰማያዊውን ለምን መረጥሽው?»

ሚዛኑ ቀስ ብሎ ወረደና መሬት ነካ። ዶሮዋ የመጨረሻዋን ጥያቄ በምንቃሯ ነካ አድርጋ፣ እሷ የምትናገርበት ቦታ ስለተውክላት ነው የወረደው አለችኝ። አውቶቡሱ ጠፋ። ሐመልማል ከወረቀቷ አንድ እግሯን አወጣች፣ ቀጥሎ ሌላውን። ቀለም የነካው ክርኗ ክንዴን ሲነካኝ ሞቀኝ። እንዲህ ያለ ደስታ በእውኔ አላውቅም። ሰማያዊውን ለምን እንደመረጠችው ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት ስልኬ ደረቴ ላይ ነዘረና ነቃሁ።

ነግቷል። ያየሁትን ሳልረሳው ለሐመልማል ልጻፍ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ማታ ከመተኛቴ በፊት አንድ ፎቶ ልካልኝ ነበር። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ፎቶው እንደደበዘዘ ቀርቷል፤ እኔም እስኪከፈት መጠበቅ ሰልችቶኝ፣ ብዥ ባለው ፎቶ ላይ «ዛሬ ደግሞ ጉድ ሆነሻል፣ ዓይንሽ ገደለኝ» ብዬ፣ እሳቱን ደርድሬ ተኝቻለሁ።

አሁን ነካ ሳደርገው ተከፈተ። አንዲት አሮጊት የሆስፒታል አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። ከሥሩ ሐመልማል ጠዋት የጻፈችው አለ።

«እናቴ ናት። የዓይኗ ፋሻ አሁን ተፈታ። ያየላት እንደሆነ ልፈትናት ብዬ ስልኩን ሰጠኋት፤ በዳነው ዓይኗ መጀመሪያ ያነበበችው ያንተን መልእክት ነው። ከሁለቱ ዓይኖቼ የትኛው እንደገደለው ጠይቂልኝ ብላለች።»