ካሴቱ የቆረጣት እትዬ የሺ

ዘፈን የሚያልቀው መቼ ነው? «ሲያልቅ ነዋ» ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ድሮ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከገባ የሚያበቃው ሸላሚው ሲደክመው ወይም ጠላው ሲያልቅ ነው። ያንኑ ዜማ በማግስቱ ሌላ ቤት ሲዘፍነው ግጥሙ ሌላ ነው፤ ያኛው ቤት የራሱ ባለቤት፣ የራሱ ጉድ አለውና። ያልነበረ ሰው አመለጠው።

ከዚያ ሸክላ መጣ። የድሮ ሸክላ አንድ ፊቱ የሚይዘው ሦስት፣ ቢበዛ አራት ደቂቃ ነበርና፣ እንዳሻው ሲንሸራሸር የኖረ ዘፈን ወገቡን አጠበቀ። ደራሲዎቹም ገና ዘፈኑን ሲደርሱ ያችን ልክ ማሰብ ጀመሩ። ቀረጻው ደግሞ ፍዳ ነበር። ዘፋኙ እንደ ጡሩምባ የሰፋ ቀንድ አፍ ላይ ቆሞ ይጮሃል፣ ድምፁ ቀጭን የሆነው መሣሪያ ወደ ቀንዱ ይጠጋል፣ ከበሮው ወደ ኋላ ይባረራል፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ማይክሮፎን ሲመጣ ግን ሹክሹክታም ዘፈን ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ቴፕ የተሳተውን በምላጭ ቆርጦ ደኅናውን ከደኅናው መቀጠል አስቻለ፤ ኋላም ከበሮ መቺው ሰኞ፣ ዘፋኙ ዓርብ እየተቀዱ፣ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች «አብረው» ተጫወቱ። ሰሚውስ ብትሉ፣ ቤቱን ዘግቶ ብቻውን ያንኑ ዘፈን ወደ ኋላ እያጠነጠነ መቶ ጊዜ ይሰማ ጀመር። መቶ ጊዜ የሰማ ሰው ደግሞ አንዲት ቃል እንድትለወጥበት አይፈልግም። የአያ ገበየሁ መከራም የመጣው ከዚህ ነው።

አያ ገበየሁ የአምባ ጊዮርጊስ አዝማሪ ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ጎንደር አንድ ካሴት ቤት ገብተው፣ አንዲት ማይክሮፎን ፊት ተቀምጠው ዘፈኑ። የካሴቱ አንድ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ አዝማሪ ግን ሰዓት አያይም። በመጨረሻው ዘፈን አማታቸውን፣ ጎረቤታቸውን፣ በቅሏቸውን ሳይቀር አወደሱና ማሳረጊያውን ለሚስታቸው ለእትዬ የሺ አስቀመጡት። «ሚስቴማ» እንዳሉ ቴፑ አለቀ። ጠቅ!

የካሴት ቤቱ ባለቤት እንደገና አልቀዳውም። እንዳለ ከካሴት ወደ ካሴት እየገለበጠ ቸበቸበው። ከዚያ ወዲህ እስከ ሳንጃ ድረስ በየማኪናው የሚሰማው ዘፈን «ሚስቴማ» ብሎ የሚያልቅ ዘፈን ሆነ። እትዬ የሺ ገበያ በወጡ ቁጥር ሴቶቹ «ሚስቴማ ምን?» እያሉ ሳቁባቸው። «ሰነፍ ናት ሊል ነበር» ያለችም አልጠፋችም። ካሴቱ ወደ ፍላሽ ተገልብጦ እንኳ ያች መቆረጥ አብራ ተገለበጠች።

በቀደም የአክስቴ ልጅ ሲዳር ከጎንደር ማራኪ ሰፈር ተነሥቼ አምባ ጊዮርጊስ ሄድሁ። አያ ገበየሁ ማሲንቋቸውን ገና ከመቃኘታቸው ዳሱ ሁሉ ያንን ዘፈን ጠየቀ። «እንደ ካሴቱ ይሁን!» እያለ። ስልክ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። በፊት በፊት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጥ ታዳሚ፣ ዛሬ አያ ገበየሁ አንዲት ስንኝ ቢያሳምሩበት «ኧረ ሳቱ!» ብሎ ያርማቸዋል። «ሚስቴማ» ሲሉ ዳሱ በአንድ ድምፅ «ጠቅ!» አለና አጨበጨበ። ስልኮቹ ወደ ኪስ ተመለሱ። የእኔም ተመለሰ።

እትዬ የሺ ከሴቶቹ መካከል ተነሡ።

«ምነው! ይጨርስ እንጂ! ወጣት ሳለሁ የጀመረልኝን አርጅቼም አልሰማ?»

 አያ ገበየሁ ሚስታቸውን ብቻ እያዩ ቀጠሉ። ስለ ሚስታቸው እጅ አሉ፤ ራሳቸው ታመው ስለተኙበት ክረምት አሉ። እትዬ የሺ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔም አለቀስሁ፤ ምን ያሳፍራል?

ሲያበቁ ሚዜው ስልኩን መዞ ተንደረደረ። «አያ፣ ይድገሙት፣ እንቅዳው!»

«የቱን?»

«አሁን ያሉትን ነዋ!»

«እሱማ ተባለ እኮ፤ ከየት አመጣዋለሁ?»

ለመኗቸው። ስልኩ ሁሉ ዳግመኛ ወጣ፤ አያ ገበየሁም ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ስልክ እያዩ ዘፈኑ። ግጥሙ ሌላ ሆነ። ቤት የሚመታ፣ ለዛ ያለው ግጥም ነው፤ አንዲት ቃል አልተሰናከለችም። ዳሱ በእልልታ ቀለጠ። አሁን በየሰፈሩ የሚዞረው ይኸው ነው፤ ከአሁን ወዲያ «እንደ ስልኩ ይሁን!» እንደሚባሉ አትጠራጠሩ።

ያን ዕለት የቀዳሁትን ለእትዬ የሺ ከፈትሁላቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እስከ መጨረሻው ሰሙና መለሱልኝ።

«ሸጋ ነው» አሉ። «የፊተኛው ግን ይበልጥ ነበር።»

እውነታቸውን ነው፤ እኔም ምስክር ነኝ። ምን እንዳለ ግን አትጠይቁኝ።