አንገት የሌላቸው ሚዜዎችና አንዲት የምስጋና ካርድ

[አንድ ክፍል ቤት። ያልተከፈቱ የስጦታ ካርቶኖች ጥግ ላይ ተደራርበዋል። ጠረጴዛው ላይ የሠርግ ፎቶዎች ተበትነዋል፤ አጠገባቸው አንዲት ባዶ ካርድ። ባልና ሚስቱ ከተጋቡ ወር ሆኗቸዋል፤ ሰው ግን እስካሁን ሙሽራውና ሙሽሪት ነው የሚላቸው። እሱ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያረቃል፤ እሷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች።]

ሙሽራው፦ «ጉዳዩ» የሌለው ደብዳቤ እጅጌ የሌለው ሸሚዝ ነው አልኩሽ።

ሙሽሪት፦ እጅጌ የሌለውም ይለበሳል እኮ።

ሙሽራው፦ ቤት ውስጥ ነዋ። ይሄ ከቤት የሚወጣ ጽሑፍ ነው። በይ ጻፊ፦ «ጉዳዩ፦ ምስጋናን ይመለከታል»።

ሙሽሪት፦ ለአክስቴ ልጅ?

ሙሽራው፦ የአክስት ልጅ ጉዳይ የላትም?

ሙሽሪት፦ «ፍንጭት» እያልኩ የምጠራት እህቴ እኮ ናት። አንድ አልጋ ላይ ተጋፍተን ነው ያደግነው። «ጉዳዩ» ካልኳት የከሰስኳት ነው የሚመስላት።

ሙሽራው፦ ቀስ ብዬ ላስረዳሽ፣ ነገር ቶሎ አይገባሽም...

ሙሽሪት፦ እሺ አስረዳኝ። ካርዷን ግን አትንካት። ያችኛዋን ለማኅተም ቦታ ልተው ብለህ አበላሽተሃታል፤ የቀረችን ይቺ ናት።

ሙሽራው፦ ማኅተም የሌለው...

ሙሽሪት፦ ስማኝ። ፍንጭት ሠርጋችንን በነፃ አነሳችልን። ወር ሙሉ ከእኛ ቤት የሰማችው አንድ ነገር ቢኖር «ፎቶው መቼ ይደርሳል?» የሚል መልእክት ነው። እሱንም የላክኸው አንተ ነህ።

ሙሽራው፦ እሱ ክትትል ይባላል።

ሙሽሪት፦ ክትትልህ ይኸው፣ ስደውልላት አታነሳም። ነገ እናቴ ቤት ትመጣለች። ይቺ ካርድ ካላስታረቀችን እህቴን አጣኋት ማለት ነው።

ሙሽራው፦ እንደሱ ከሆነ ባለሙያ ይግባበት። [ጉሮሮውን ይጠራርጋል] «ለክብርት እህታችን። በሠርጋችን ዕለት ለሰጡን ቀልጣፋ የፎቶግራፍ አገልግሎት ልባዊ ምስጋናችንን እየገለጽን፣ ይኸው ትብብርዎ ወደፊትም እንዲቀጥል...»

ሙሽሪት፦ «ትብብርዎ»? ፍንጭትን አንቱ?

ሙሽራው፦ ማክበሬ ነው።

ሙሽሪት፦ ይሄን ደብዳቤ «ፎቶግራፍ» የሚለውን ፍቀህ ቧንቧ ለጠገነልን ሰውዬ ብትልከው ምን ይጎድለዋል?

ሙሽራው፦ ምንም። የጥሩ ደብዳቤ ምልክቱ እሱ ነው፣ ለሁሉም ይሆናል።

ሙሽሪት፦ ለሁሉም የሚሆን ምስጋና ለማንም አይደለም። ምን እንዳደረገችልን እንጻፍላት።

ሙሽራው፦ ያደረገችውን እሷ ታውቀው የለ?

ሙሽሪት፦ እሷማ ታውቃለች። እኛ ማወቃችንን ነው የማታውቀው።

[ሙሽራው ወንበር ስቦ አጠገቧ ይቀመጣል።]

ሙሽሪት፦ ዝናቡ ሲመጣ እኛ ተሯሩጠን ገባን፣ አይደል? እሷ ጃኬቷን አውልቃ ካሜራውን አለበሰችው። እሷ በሰበሰች፣ ካሜራው ደረቀ። ከዚያ ደግሞ ከሥራ መልስ እየተቀመጠች ሺህ ፎቶ መርጣ፣ የጨለመውን አብርታ፣ የጠመመውን አቅንታ...

ሙሽራው፦ እናትሽ ሲያለቅሱ ግን አላነሳችም። ቆሜ እያየኋት። ካሜራውን አወረደችው! በሙያው ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው።

ሙሽሪት፦ አውርዳ ምን አደረገች?

ሙሽራው፦ መሐረብ ሰጠቻቸው።

ሙሽሪት፦ እናቴ እንባዋን ሰው እንዲያይባት አትወድም። ተከፍሎት የመጣ ሰው ይሄን አያውቅም፤ ጠጋ ብሎ ያነሳት ነበር። ይሄን እጽፈዋለሁ።

ሙሽራው፦ ላልተነሳ ፎቶ ልታመሰግኚ?

ሙሽሪት፦ አዎ። [ትጽፋለች] ከተነሱት ደግሞ አንድ እንጥራ። ደረጃው ላይ ስንስቅ ያነሳችንን፣ በሩ ጎን የሰቀልነውን። የት እንደሰቀልነው እንንገራት፤ ካርቶን ውስጥ አለመቅረቱን ትወቅ።

ሙሽራው፦ ጥሩ። ቀጥለሽ «እግረ መንገድሽን የሙሽራውን ሆድ ትንሽ ገባ ብታደርጊው» በይ።

ሙሽሪት፦ ምስጋና ውስጥ ልመና አይገባም።

ሙሽራው፦ ልመና አይደለም፣ ማሳሰቢያ ነው።

ሙሽሪት፦ «እግረ መንገድሽን» ካልናት፣ ከላይ ያለው ሁሉ ለሆድህ መንገድ ሲጠርግ ነበር ማለት ነው።

ሙሽራው፦ [አንድ ፎቶ ያነሳል] እሺ፣ ሆዴን ተዪው። ይሄስ በዝምታ ይታለፋል? ሚዜዎቼን ተመልከቺ። አራት ከረባት፣ አንድም ጭንቅላት የለም። እንዲህ ያለ ሰባት አለ! የከረባት ማስታወቂያ ነው እንዴ?

ሙሽሪት፦ [ትስቃለች] ከረባታቸው ያምራል ግን።

ሙሽራው፦ አትሳቂ። ጻፊ፦ «ምንም እንኳ አንዳንድ ፎቶዎች ላይ የሙያ ጉድለት ቢታይም፣ በሆደ ሰፊነታችን አልፈነዋል።»

ሙሽሪት፦ ሆድህስ ሰፊ ነው። ግን ይሄን ማን አነሳው?

ሙሽራው፦ ጥያቄ ነው አሁን ይሄ? ካሜራው የማን ነው?

ሙሽሪት፦ የፍንጭት።

ሙሽራው፦ ታዲያ? [እንደ አስተማሪ] ካሜራ ፊትና ኋላ አለው። ፊቱ ያለው ይነሳል፣ ኋላው ያለው ያነሳል። ከኋላ የቆመ ሰው ፎቶው ውስጥ አይገባም። ገባሽ?

ሙሽሪት፦ በጭራሽ አይገባም?

ሙሽራው፦ በጭራሽ።

ሙሽሪት፦ ታዲያ ይቺ ከከረባቶቹ ኋላ ወንበር ላይ ሳህን ይዛ የምትበላዋ ማናት?

ሙሽራው፦ [ፎቶውን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል] ፍንጭት... ራሷን በራሷ አንስታ ይሆናል።

ሙሽሪት፦ በአንድ እጇ ሳህን፣ በሌላው ሹካ ይዛ?

ሙሽራው፦ እንግዲህ ከሕዝቡ አንዱ አጥፊ...

ሙሽሪት፦ ሚዜዎችህ ተሰልፈው ሲነሱ አንተ የት ነበርክ?

[ሙሽራው ፎቶውን ሊገለብጠው ሲል ትይዝበታለች።]

ሙሽሪት፦ ይሄ ጥጉን የጋረደው ነገርስ ምንድን ነው?

ሙሽራው፦ ጥላ ነው።

ሙሽሪት፦ ቀለበት ያደረገ ጥላ?

[ሙሽራው ፎቶውን ያያል፤ ከዚያ ጣቱን ያያል፤ ከዚያ እጁን ኪሱ ይከታል።]

ሙሽሪት፦ «አንቺ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም፣ አምጪው» ብለህ ካሜራውን ከእጇ ቀማሃት። እኔ ሰምቻለሁ።

ሙሽራው፦ አያያዙን ላሳያት ብዬ ነው።

ሙሽሪት፦ ውሸትህን ነው። ራርተህላት ነው። የዚያን ቀን የተቀመጠችው ያኔ ብቻ ነው። ደግሞ ልንገርህ፣ አክስቴ እንደነገረችኝ፣ ስትመርጥ የራሷን እናት ፎቶ እንኳ ዓይናቸውን ጨፍነዋል ብላ ጥላዋለች። ያንተን ሰባት አንገት ቆረጣ ግን አንዱንም አልጣለችም።

ሙሽራው፦ [ድምፁ ዝቅ ይላል] ለምን?

ሙሽሪት፦ ደግ ሳለህ ያነሳኸው ስለሆነ ይሆናላ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ነገር ቶሎ አይገባኝም።

[ካርዷን ጨርሳ ታነባለች።]

ሙሽሪት፦ «ፍንጭት፣ ጃኬትሽን ለካሜራው አልብሰሽ አንቺ ስትበሰብሺ አይተናል። እማዬ ስታለቅስ ካሜራውን አውርደሽ መሐረብ ሰጠሻት፤ ያ ያላነሳሽው ፎቶ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ደረጃው ላይ ያነሳሽንን በሩ ጎን ሰቅለነዋል፤ በወጣን በገባን ቁጥር አንቺን እናነሳለን። ምስጋናው ዘገየ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። በሠርጋችን ቀን አንቺ ያለሽባቸው ፎቶዎች ባለከረባቶቹ ብቻ ስለሆኑ፣ አንዱን ከካርዱ ጋር ልከንልሻል።» በል ፈርም። እኔ ብቻ ከፈረምኩ ያኮረፍክ ትመስላለህ።

[ሙሽራው ይፈርማል። ብዕሩን አይመልስም፤ ፎቶውን ገልብጦ ጀርባው ላይ ይጽፋል።]

ሙሽሪት፦ ምን እየጻፍክ ነው? ልመና እንዳይሆን።

ሙሽራው፦ አይደለም። [ያነባል] «ጉዳዩ፦ አንገት መቁረጥን ይመለከታል። አጥፊው እኔ ነኝ። ስትበዪ ማየቴ ግን ደስ ብሎኛል።»

ሙሽሪት፦ [ዓይኗን እየጠረገች ትስቃለች] አሁን ገና ደብዳቤ ጻፍክ። ግልባጭ የለውም?

ሙሽራው፦ እንዴት አይኖረውም። «ግልባጭ፦ ለአራቱም ሚዜዎች፣ ከነጭንቅላታቸው ባሉበት።»