ከፈተና በፊት የሚተኛ ሰው

ነገ ፈተና እያለው በጊዜ የሚተኛ ሰው ታምናላችሁ? እኔ አላምንም። ነቀምቴ ሕክምና ስንማር ገመቹ የሚባል የዶርም ጓደኛ ነበረኝ። የውስጥ ደዌ ፈተና ዋዜማ እኔ ያንኑ ገጽ ደግሜ ደጋግሜ በቢጫ ሳቀልም እሱ አንሶላውን ያራግፋል። ጥያቄው ሾልኮ ካልደረሰው በቀር ምን ያስተኛዋል?

«ደርሶሃል፣ አይደል?» አልኩት።

«ማሎ፣ እባክህ፣ መጀመሪያ ደብተርህን ዝጋ። ኩላሊቱ ፕሮቲን የሚያፈስ ሰው ለምን ያብጣል?»

ገጹ ከነቢጫው ወለል ብሎ ታየኝ፤ መልሱ ግን የለም።

«ዓይንህ ገጹን ለመደው እንጂ አንተ አላወቅከውም» አለኝ። «ሳታይ ለመመለስ ታገል፤ ያቃተህን ብቻ ገልጠህ እይና እንደገና ዝጋ። ከዚያ ተኛ፤ አእምሮ የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ነው።»

እየተጠራጠርኩ ሞከርኩ። ፕሮቲኑ በሽንት ይወጣል፣ በደም ውስጥ ይቀንሳል፣ ኩላሊትም ጨው ያስቀራል፤ ውሃው ከደም ሥር ወጥቶ ገላ ውስጥ ይጠራቀማል። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ሳላይ ወጣልኝ። ደብተሬን ዘግቼ ተኛሁ።

ጠዋት፣ ሲያነቡ ያደሩት ጓደኞቼ የፈተናው ክፍል በር ላይ ከበቡኝ።

«ተኝተህ አደርክ አሉ። ጥያቄውን ከማን አገኘኸው?»

ፊታቸውን አየሁት፤ ሁሉም አብጧል። ኩላሊታቸው ግን ጤነኛ ነበር።