«እናትሽ» በል የተባለ እጄ «አማትሽ» ብሎ የጻፈው ካርድ

ዛሬ ጠዋት ሱቄን የከፈትኩት በነጠላ ተከናንቤ ነው። የሰቆጣ ብርድ እንዳይመስላችሁ። እፍረት ነው።

የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት። ባሌ ምስጋናው፣ አንተ እዚህ ጋ ማንበብ አቁም።

ለማታውቁኝ፣ ሰቆጣ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የሰርግና የምርቃት ካርድ። ካርድ የሚገዛ ሰው «አንቺው ጻፊልኝ» ካለ እጽፍለታለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ሰው ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። (እኔም ብያለሁ።)

እንግዲህ የባሌ ታናሽ ወንድም ሲሳይ አገባ። ሙሽራዋ ፀጋ ትባላለች፤ አስተማሪ ናት። ቆንጆ፣ ረጋ ያለች፣ ሰው ሲያናግራት ዓይን ዓይኑን የምታይ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደድኳትም።

ምን አደረገችሽ አትበሉኝ። ምንም አላደረገችኝም። ችግሩም እሱ ነው።

ሰባት ዓመት ሙሉ የዚያ ቤት ብቸኛዋ ምራት እኔ ነበርኩ። አማቴ ወይዘሮ ስንዱ ገበያ ሲመጡ ሱቄ ያርፋሉ፤ ስልካቸውን የምደውልላቸው እኔ፣ ሐኪም ቤት የማደርሳቸው እኔ። እማ ነው የምላቸው። አሁን በአንድ ጊዜ «ፀጋ እንዲህ አለች፣ ፀጋ እንዲያ አደረገች» ሆነ። ሽሮ እንኳ ከሰጠኋቸው በኋላ «ፀጋም ሽሮ ትችላለች» አሉኝ። እኔ ጠየቅኳቸው?

ከቅልቅሉ ሦስት ቀን በፊት እማ ከገጠር ሱቄ መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ የታሰረች ነገር ፈቱ።

የአንገት መስቀላቸው።

ያቺን የብር መስቀል ሰባት ዓመት ሙሉ ሳያት ኖሬያለሁ። አማታቸው ናቸው ሙሽራ ሆነው ሲገቡ ያሰሩላቸው። እኔ ስገባ የተሰጠኝ ጋቢ ነው። ጋቢው ጥሩ ነው፣ ራሳቸው የፈተሉት ነው፣ ይሞቃል። ግን ጋቢ ነው።

«ለፀጋ የመጀመሪያ ስጦታዬ ይቺ ናት» አሉ። «ከእሷ ጋር የሚሰጥ ካርድ ጻፊልኝ። የሰው ልጅ ቃል ይረሳል፤ ይሄ እንዳይረሳ በጽሑፍ ይሁን።»

ለእኔ ካርድ አልነበረም። ይመዝገብልኝ።

ፈገግ ብዬ ካርድ አስመረጥኳቸው። ውስጡ የታተመ ጽሑፍ ያለበትን አልፈለጉም፤ «የሌላ ሰው ቃል ነው» አሉ። ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ፊቱ ላይ ነጭ አበባ ያለበት መረጡ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ ደብተር ላይ ረቂቁን ያዝኩ። ካርድ ላይ ቀጥታ አይጻፍም፤ ከተሳሳቱ አለቀ። ስሟም በየትኛው «ፀ» እንደሚጻፍ ለሲሳይ ደውዬ አረጋገጥኩ፤ በሙሽራ ስም ላይ መሳሳት ነውር ነው። አያችሁ፣ ሥራዬን አውቃለሁ።

እማ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። በአፍ መፍቻቸው በኽምጣና ቋንቋ ያስባሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው አማርኛውን ያወጡታል። እንዲህ አሉ፦

«ልጄ ፀጋ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ይቺ መስቀል ሙሽራ ሆኜ ስገባ አማቴ በእጃቸው ያሰሩልኝ ናት። ዛሬ የአንቺ ናት። ከእንግዲህ እናት የለኝም አትበይ። ሲከፋሽም ሲደላሽም ወደ እኔ ነይ። ካልመጣሽ እኔ እመጣለሁ። እናትሽ ስንዱ።»

ፀጋ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ነው እናቷ የሞቱት። ያሳደጓት አክስቷ ናቸው። ይሄን አውቃለሁ። ሳላውቅ ነው ብዬ አላመልጥም።

ረቂቁን አነበብኩላቸው። ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አድርገው «እንዲሁ አድርገሽ ገልብጪው» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ብቻዬን ቀረሁ። እኔና ቅናቴ።

«ልጄ» የምትለውን ቃል አየኋት። እኔን ሰባት ዓመት ሙሉ በስሜ ነው የሚጠሩኝ።

ሰው ሲቀና እንደ ጅል የሚያስብ ይመስላችኋል? በጣም ብልህ ነው የሚሆነው። እኔ አንድ ደርዘን ምክንያት አገኘሁ። የደስታ ካርድ ላይ ሞት ይነሳል ወይ? ሙሽራዋን በሰርጓ ሰሞን ለምን እናስለቅሳታለን? የካርድ ቃል አጭር ሲሆን አይደል የሚያምረው? ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ለደንበኛ የምመክረው እኔው ነኝ።

በእርሳስ መስመር አሰመርኩ፤ በጥቁር እስክሪብቶ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ለክብርት ፀጋ፣ እንኳን ወደ ቤተሰባችን በሰላም መጣሽ። ይህችን የብር መስቀል በመጀመሪያ ስጦታነት አበርክተንልሻል። መልካም የትዳር ዘመን። አማትሽ ወይዘሮ ስንዱ።»

ክብርት! ለጽሕፈት ቤት ኃላፊ የምጽፍ ነው የሚመስለው።

ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቄ የእርሳሱን መስመር በላጲስ አጠፋሁ። ፖስታው ላይ ስሟን ጻፍኩ። አንዲት ፊደል አላጣመምኩም። ያ ነው እስካሁን የሚያሳፍረኝ።

ቅልቅሉ ትናንት ነበር፣ ሰቆጣ ዙሪያ እማ ቤት። ዳሱ ጢም ብሏል፤ የፀጋ አክስትም ከዘመዶቻቸው ጋር መጥተዋል። ምሳ ከተበላ በኋላ እማ ተነሱ። መስቀሏን በእጃቸው የሙሽራዋ አንገት ላይ አሰሩ። ሰው እልል አለ። እኔም እልል አልኩ፤ የእኔ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ፖስታውን ሰጧት።

«ጮክ ብለሽ አንብቢው» አሉ።

ጮክ ብለሽ! ይሄ በእቅዴ ውስጥ አልነበረም። ካርድ እኮ በዝምታ ነው የሚነበበው፤ ቤት ሲገቡ፣ አልጋ ላይ ተቀምጠው።

ፀጋ አስተማሪ ናት ብያችኋለሁ። ድምጿ ከዳሱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። «ለክብርት ፀጋ» ብላ ጀመረች። ጨረሰች። አመሰግናለሁ ብላ የእማን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች።

እማ ትከሻዋን ያዙና «ቀጥይ» አሏት።

«አለቀ፣ እማማ።»

«አላለቀም። አዙሪው።»

ፀጋ ካርዱን አዞረችው። ከኋላ ምንም የለም። እንደገና ገለጠችው፤ ከታች ግማሹ ገጽ ባዶ ነው፤ ነጭ።

እማ ወደ እኔ አዩ። አልተቆጡም። ብቻ አዩኝ። እኔ የሆነ ሰሃን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

«ጸሐፊዬ ቦታ አልበቃት ይሆናል» አሉ።

እዚያ ባዶ ወረቀት ላይ እኮ የመንደሩን ሰው ስም ዝርዝር መጻፍ ይቻላል።

ከዚያ በቃላቸው አሉት። ቃል በቃል፤ አንዲት ፊደል ሳይሳሳቱ። ማንበብ የማይችል ሰው የተናገረውን እንዴት እንደሚይዝ እኔ የት አውቄ! «ከእንግዲህ እናት የለኝም አትበይ» ሲሉ የፀጋ አክስት ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «ካልመጣሽ እኔ እመጣለሁ» ሲሉ ፀጋ ካርዱን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። አስለቅሳለሁ ብዬ የፈራሁት ለቅሶ ይሄ ከሆነ፣ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚጠብቀው ዓይነት ለቅሶ ነው።

ምስጋናው ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «ምን አድርገሽ ነው?» አለኝ።

«ቦታ አልበቃኝም» አልኩት።

«እስክሪብቶ አምጪና ጨርሺው» አሉኝ እማ።

በሙሽሮቹ ፊት ተንበርክኬ፣ ትሪ ገልብጬ እንደ ጠረጴዛ ይዤ፣ የእርሳስ መስመር በሌለበት ጻፍኩ። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ያ የሚያምረው የእጅ ጽሑፌ ቁልቁል ወረደ። «ክብርት»ን ሰርዤ ከላይዋ «ልጄ» አደረግኩ። መጨረሻ ላይ «አማትሽ» ጋ ደረስኩ። ከ«እናትሽ» የሚለያት ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ሁለቱን ሰረዝኩና ጻፍኩ። ሁለት ፊደል እንደዚያ ይከብዳል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ሰው ሲበተን ሰሃን ላጥብ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ማለቴ ተደበቅኩ። እማ ተከትለውኝ መጡ።

«ለአንቺ ጋቢውን ሳለብስሽ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ትዝ የሚለኝ ጫማዬ እግሬን ሲልጠኝ ብቻ ነው።

«'ይሄም ቤትሽ ነው፤ ተቆጪ፣ ግን አታኩርፊ፤ ያኮረፈ ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ እንግዳ ነው' ነው ያልኩሽ። እናትሽ እዚያው አጠገብሽ ቆመው ያዩሽ ነበር። እሳቸው ቆመው እናትሽ ነኝ ብልሽ አይከፋቸውም?»

እናቴን አስቤ አላውቅም ነበር። እማ አስበውላት ነበር።

«መስቀሏንስ ለምን ለእኔ አልሰጡኝም?» አልኩ። በቃ፣ ወጣ። የሠላሳ አራት ዓመት ሴትዮ እንደ ሕፃን።

«አንቺ የእናትሽ መስቀል አንገትሽ ላይ ነበር» አሉ። «እሷ ባዶ አንገቷን ነው የመጣችው።»

እጄን አንገቴ ላይ አደረግኩ። አሁንም አለች።

«ይቅርታ እማ» አልኳቸው። «እኔን ምን አደረግሽኝ፣ ለእሷ በይ» ብለው ያጠብኩትን ሰሃን እንደገና አለቀለቁት፤ ሳሙናው አልለቀቀም ነበር።

ለፀጋ ይቅርታ ልል ሄድኩ። አፌ ግን ንግዱን አስቀደመ፤ «ካርዱ ተበላሽቷል፣ ነገ በአዲስ ገልብጬ በነፃ አመጣልሻለሁ» አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። የገባት ይመስለኛል። «አይ እህቴ፣ እኔ ይሄንን ነው የምፈልገው» አለች።

ይቅርታውን ያኔ አልኩት። በጣም ቀስ ብዬ። ሰምታለች፣ ምክንያቱም እጄን ያዘች።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። መስቀሏ ያምርባታል፣ ያናድዳል። ትንሽ ቀንሷል ግን።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ፀጋ የካርዱን ፎቶ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጿ ላይ ለጠፈችው። ከነስርዙ። ከነጠማማው መስመር። «የእናቴ የመጀመሪያ ስጦታ» ብላ። ክፋት አስባ አይደለም፤ እሷ ደስ ብሏት ነው። ግን የሰቆጣ ሰው ሁሉ የእኔን የእጅ ጽሑፍ ያውቃል። እስካሁን ሦስት ደንበኛ መጥቶ «ካርድ ጻፊልን፤ ግን ስትጽፊ አጠገብሽ እንቆማለን» ብሎኛል።

እናንተዬ፣ የሱቄ በር ላይ «የልብዎን ቃል በታማኝነት እንጽፋለን» የሚል ማስታወቂያ አለኝ። ላውርደው፣ ወይስ «በታማኝነት» የምትለዋን ብቻ ልሰርዛት?