ለተመራቂዎች የተቀረጸ ሦስት ደቂቃ

በምረቃ ቀን ንግግር የሚያደርግ ሰው ሁሉ ከባዶ የተነሣ ነው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ «ሁሉ ሞልቶልኝ ነው የተማርኩት» ያለ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሁሉም ተርቦ፣ ሁሉም በእግሩ ሄዶ፣ ሁሉም ብቻውን ታግሎ አሸንፏል። እኔን የሚገርመኝ ረሃቡ አይደለም፤ እሱንስ እኔም አውቀዋለሁ። የሚገርመኝ ያ «ብቻውን» የሚሉት ነገር ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት የኪራይ ክፍል ለሦስት ተማሪ ስትከራይ እያየን አድገን፣ ሁላችንም እንዴት ብቻችንን ልንታገል ቻልን?

ይህን ስል ሌላውን ለመውቀስ እንዳይመስላችሁ። የማውቀውን ነው የማወራው።

የማስተምርበት ኮሌጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት የክብር እንግዶችን ንግግር ለማሳጠር አንድ መላ ዘየደ። ከዚሁ ተምሮ የወጣ አንድ ሰው ለተመራቂዎች የሚናገረው ምክር በቪዲዮ ተቀርጾ በአዳራሹ ስክሪን ላይ ይታይ ተባለ። የመጀመሪያው ዕጣ ለእኔ ወጣ። ቀራጩ ቢንያም የኮሌጁ የድምፅና ምስል ባለሙያ ነው፤ ከሐዋሳ የመጣ፣ ሲያወሩት ዓይን ዓይን የሚያይ ሰው።

ስድስት ገጽ ጽፌ ወሰድኩለት። በ«ክቡራትና ክቡራን» ይጀምራል፤ ከትውልድ ከተማዬ ከይጁቤ ስንቅ አዝዬ የመጣሁበትን መንገድ፣ በኩራዝ ያነበብኩትን ሁሉ ዘርዝሮ፣ በሰባት ምክሮች ያበቃል። ቢንያም እስከ መጨረሻው አነበበና ወረቀቱን በቀስታ አስቀመጠው።

«መምህርት፣ ይህ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ያለን ሦስት ነው።»

ከዚያ አስተማረኝ። ሦስት ደቂቃ ማለት፣ ሰው ተረጋግቶ ሲናገር፣ ሦስት መቶ ቃል ገደማ ነው። ሰላምታው ይቅር፤ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሰውን ታሪኩ መሐል ይጣለው። አንድ ታሪክ ብቻ፤ እሱም አንድ ቀን፣ አንድ ዕቃ፣ አንድ ሰው ይኑረው። ገጹን ለሁለት ከፍሎ በግራ የሚታየውን፣ በቀኝ የሚሰማውን አስጻፈኝ፤ በቀኝ የተነገረው በግራ ከተደገመ አንዱ ይሰረዛል። ጮክ ብዬ ሳነብ ትንፋሽ ያጠረኝ ቦታ ሁሉ ዐረፍተ ነገሩ ይቆረጣል። ምክር ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። ታሪኩ ካልመከራቸው እኔ አልመክራቸውም።

ስድስቱ ገጽ አንድ ተኩል ሆነ። አሁንም አልጣመውም።

«አንድ ሰው ያስፈልገናል ብዬዎት ነበር» አለኝ።

«እኔ አለሁ አይደል?»

«እርስዎማ ተናጋሪዋ ነዎት። ክፍሉን የተከራዩት ብቻዎን ነበር?»

ሰው እንዲህ በዋዛ ሲጠይቃችሁ ነው ጉድ የሚፈላው።

ብቻዬን አልነበርኩም። ጥሩወርቅ ነበረች፤ የሰፈሬ ልጅ፣ የክፍሌም የወንበሬም ተጋሪ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንደርስ የባዮሎጂ መጽሐፍ ለሁለታችን አንድ ነበር፤ አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እኔ እናነባለን። ማትሪክ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «መምህሩ መጽሐፉን ሰበሰቡት» አልኳት። መጽሐፉ ሳጥኔ ውስጥ፣ ከልብሴ ሥር ነበር። ትምህርት ቤት ይዤው እየሄድኩ ለብቻዬ አነበብኩት። እኔ አለፍኩ። እሷ ነጥብ አልመጣላትም።

ለቢንያም ነገርኩት። የገጹን ሁለቱንም በኩል በሰያፍ መስመር ሰረዘና አዲስ ወረቀት ሰጠኝ።

አዲሱ ጽሑፍ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ችግሩ ሌላ ነው። ጥሩወርቅ ይጁቤ ልብስ ሰፊ ናት፤ ልጇ ሰላም ደግሞ የዚያው ዓመት ተመራቂ። እናቷ ወላጆች ተራ ተቀምጣ፣ ልጇ ጥቁር ጋወን ለብሳ፣ ያ ስክሪን ይበራል። ሳታውቅ ልትሰማው ነው? በሚኒባስ ተሳፍሬ ይጁቤ ወረድኩና ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩላት። እሷ እግሯን ከመኪናው ላይ አላነሣችም።

ስጨርስ «አውቄ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«መጽሐፉን ነዋ። ሳሙና ስፈልግ ሳጥንሽን ከፍቼ አየሁት።»

«እና ምነው ዝም አልሽ?»

«ብጠይቅሽ ትዋሺኝ ነበር፣ ብርቄ። አንዴ ዋሽተሻል፤ ደግሞ ላስዋሽሽ?»

ያኔ ነው የገባኝ። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ተራዬ ሲደርስ ማብሰሉን «እኔ እሠራዋለሁ፣ አንቺ ሄደሽ አንብቢ» ትለኝ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የዋህነቷ መስሎኝ ነበር። መጽሐፉን ለሸሸግኩባት ለእኔ፣ የሸሸግኩትን መጽሐፍ እንዳነብ ወጥ እየሠራችልኝ ነበር። ገዳማትን ተሳልሜያለሁ፣ የደብረ ወርቅን ሊቃውንት ቆመው ሲያሸበሽቡ አይቻለሁ፤ እንደዚያች የስፌት መኪና ፊት ግን አንገቴን ደፍቼ አላውቅም።

ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላኝ፣ ጨርቅ በምታሰምርበት ጠመኔ ሁለት ቦታ ምልክት አደረገችበት።

«‹እሷ ወደቀች› የሚለውን አውጪው። ያንቺን ሥራ አውሪ እንጂ የኔን መውደቅ ምን አገባሽ? ልጄ በኔ ሐዘን አትመረቅም። ‹ዛሬም ልብስ ሰፊ ናት› ብለሽ ደግሞ በሐዘኔታ ጽፈሽልኛል። ልብስ ሰፊነት ቅጣት ነው እንዴ?»

ስሟም እንዳይነሣ አለች። ቢንያም እንዳየው «አርታዒዋ ማን ናት?» ብሎ ጠየቀኝ።

መጋረጃ ባለው ክፍል፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ፣ ካሜራው በዓይኔ ልክ ተተክሎ ቀረጸኝ። ሲያበቃ «አይነሡ» አለና ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ተቀመጥን። የክፍሉን ዝምታ ነበር የሚቀርጸው። ለካ ዝም ማለትም ይቀረጻል! ድምፁን ዝም ብሎ ቢያጠፋው ሰው ማጉያው የተበላሸ ይመስለዋል፤ የእውነተኛ ክፍል ዝምታ ግን ይሰማል። ሙዚቃም አላስገባበትም።

በምረቃው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት መጽሐፉን እንዴት እንደ ሸሸገች ተናገረች። መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሷ ታውቅ ነበር። እንዳነብ ብላ በተራዬ አበሰለችልኝ» አለች። ከዚያ ዝምታው መጣ። ሰባት ሰከንድ። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ እልልታ ያዘለ ጉሮሮ፣ አንድም ሳል አልተሰማም። አንዳንድ ተመራቂዎች ዞር ብለው አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ሲያዩ አየሁ። ጭብጨባው የመጣው ዘግይቶ ነው፤ እንደ ዝናብ ከሩቅ።

ጉዳዩን በሚገባ እንደ ፈጸምኩ ተሰምቶኝ፣ ቀለል ብሎኝ ወደ ግቢው ወጣሁ። ሰላም እናቷን አስከትላ መጣች፤ ሳመችኝና ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ጠየቀችኝ፦

«እትዬ፣ ያቺ ልጅ ግን ይቅር አለችዎት?»

ይጁቤ ድረስ የሄድኩት ለማስፈቀድ ነበር፤ የነገርኳት፣ ያነበብኩላት፣ ያስቆረጥኳት ሁሉ ለጽሑፉ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የተናዘዝኩት ሴትዮ፣ የይቅርታን ቃል ለተበደለችው ለራሷ አንድም ቀን አልተናገርኳትም።

ጥሩወርቅ የልጇን ጋወን አንገት ላይ እያስተካከለች ነበር። ቀና ሳትል፣ «መቼ ተጠየቀችና» አለች።

ለዚህኛው ሦስት መቶ ቃል አላስፈለገም። ሰላም ፊት፣ ሰው እየተጋፋን፣ «ጥሩዬ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

ሰላም አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቷን አየች። ጥሩወርቅ የጋወኑን ቁልፍ ቆልፋ ጨረሰች።

«እሱንማ ያኔ ትቼዋለሁ» አለችኝ። «መስማቱ ነበር የቀረኝ።»