ለሦስቱ ሽማግሌዎች ምን ይባላል

ዛሬ ሌሊት በሕልሜ እኔ አያት ሆንኩ፤ እምዬ ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ።

እምዬ የእናቴ እናት ናት። ስሟ ተዋበች ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ በቤቱም ከሁለታችን በቀር ሰው የለም። ሰሞኑን ሥራዋ ሁሉ እኔን መፈተን ነበር። ሊያገባኝ የሚፈልገው የይበልጣል ሽማግሌዎች እሁድ ጠዋት እኔን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ የእምዬ ጉልበት እንደ ድሮው ስላልሆነ በሩን የምከፍተው እኔው ነኝ። «ልጅቷ እንግዳ መቀበል አታውቅም ቢሉ የሚታማው የእኔ ስም ነው» ትለኛለች። ስለዚህ ሽንኩርት ስልጥ፣ ልብስ ሳሰጣ፣ ፀጉሬን ስትሠራኝ ሳይቀር ትጠይቀኛለች። ቄስ ቢመጣ? አራስ ብትመጣ? ሐዘንተኛ ቢመጣ? ሐጂ ይመር ቢመጡ? ሐጂ ጎረቤታችን ናቸው፤ «አሰላሙ አለይኩም» ሲሉ «ወአለይኩም ሰላም» ካላልኩ በቁንጥጫ ነው የምታስታውሰኝ። ቅዳሜ ማታ የተኛሁት ይህን ሁሉ በጭንቅላቴ ተሸክሜ ነው።

በሕልሜ ቤታችን ያው ቤታችን ነበር፤ ጣሪያው ግን ወደ ታች፣ በሩ ወደ ላይ ሆኗል። እንግዳ በመሰላል ይወርድና ከውስጥ ሆኖ ያንኳኳል፤ እኛ ደግሞ ከውጭ «ማነው?» እንላለን። እኔ ጉልበቴን እያመመኝ ከዘራ ይዤ ተቀምጫለሁ። እምዬ ጋሜ ተሠርታ፣ ንፍጧን በክንዷ እየጠረገች ፊቴ ቆማለች። የሰፈሩን ሕግ ማን እንደነገረን አላስታውስም፤ ሁለታችንም ግን እናውቀዋለን። ሰላምታ የተሳሳተ ልጅ ከእንግዳው ጋር ይሄዳል፤ ከሄደም አይመለስም። እኔ እምዬን ለማንም የምሰጥ ሰው አልነበርኩም። እጇን ጭምቅ አድርጌ ያዝኩና ማስተማር ጀመርኩ።

መጀመሪያ የወረዱት የንስሐ አባታችን አባ ላቀው ናቸው። አንዲት ፍየል ጃንጥላ ይዛላቸዋለች። አባ ላቀው መስቀላቸውን ለእምዬ በመዘርጋት ፈንታ እጇ ላይ አኖሩትና ጎንበስ ብለው «ፍቺኝ ልጄ» አሉ።

እምዬ ዞር ብላ አየችኝ።

«ቄስ ሲመጣ እጅ አይጨበጥም» አልኳት በሹክሹክታ። «ጎንበስ ብለሽ ይፍቱኝ ትያለሽ። መስቀሉን በግንባርሽም በከንፈርሽም ትሳለሚያለሽ። እንደምን አደሩ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።»

«እሳቸው ቀደሙኝ እኮ።»

«ቢቀድሙሽም።»

መስቀሉን መለሰችላቸውና ከእሳቸው የበለጠ ጎንበስ ብላ «ይፍቱኝ አባቴ» አለች። አባ ላቀው ግራ ተጋቡ፤ ግን ልማድ ነውና አሳለሟት፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። ፍየሏ «ይቺን መውሰድ አይቻልም» ብላ ጃንጥላዋን አጠፈች።

ከዚያ አንድ በጣም የሸመገሉ ሰው መጡ። እምዬ ለትልቅ ሰው ከመቀመጫ እንደሚነሳ ታውቃለች፤ ችግሩ ወንበሮቹም ማወቃቸው ነው። ሁሉም ወንበሮች በአንድ ጊዜ ብድግ አሉና «ኖር!» አሉ። ሽማግሌው «በእግዚአብሔር፣ በእግዚአብሔር፣ አትነሱ» እያሉ ቢለምኑም ሊቀመጡባቸው አልቻሉም። እምዬ ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ በግራዋ ክርኗን ደገፈች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ «እንደምን ዋሉ» አለች። ፀሐይዋ ከታች ነበረች፤ ቀትር ማለፉን በምን እንዳወቀች እንጃ። እኔም ኮራሁ።

አራሷ ደግሞ ልጇ ጀርባ ላይ ታዝላ መጣች። ሕፃኑ ጢም አለው፤ ላብ አጥምቆታል።

«እንኳን ማርያም ማረችህ?» አለች እምዬ ተጠራጥራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ዝም በይ» አልኳት። ሕፃኑ አልሰማትም። «ማርያም ማረችሽ የሚባለው ላማጠችው ነው። ልጁን መጀመሪያ አታዪም፤ መጀመሪያ እሷን ነው። ልጁን ስታዪም እንዴት ያምራል ብለሽ አታፍጪበት።»

«ያማጥኩት እኔ ነኝ» አለ ሕፃኑ፤ ለካ ሰምቶ ኖሯል። «እሷን ተሸክሞ መሰላል መውረድ ቀላል ነው?»

እምዬ ግን ወደ ኋላው ዞረች። የሴትዮዋን ጉንጭ ግራና ቀኝ ሳመችና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት። ሴትዮዋ ደስ ብሏት አለቀሰች። ሕፃኑ እያጉረመረመ መሰላሉን ወጣ።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰውም መጣ። ከበራችን እስከ ገበያው ድረስ ባልደረቦቹ ተሰልፈውለታል። «እባካችሁ ነገ ተመለስ በሉኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ነገ ና የሚለኝ ሰው አጣሁ» አለ። ዘመድ አይደለም፣ ጎረቤት አይደለም፣ እናውቀዋለን ልንል አንችልም። ለእንዲህ ያለው «ጤና ይስጥልኝ» ይበቃል፤ አይሳምም፣ የቤተሰቡ ጤና አይጠየቅም። እምዬ «ጤና ይስጥልኝ፤ ነገ ይመለሱ» አለችው። ምርቃቱን አዥጎደጎደላት።

መንገደኛውን ነው የፈራሁት። ለመንገደኛ ቀኑን ማስላት ያስፈልጋል። ትናንት የተለየሽውን እንደምን አደርክ ትይዋለሽ፣ ጥቂት ቀን ከቆየ እንደምን ሰነበትክ፣ ክረምቱ ከመሃል ከገባ እንደምን ከረምክ። ይሄ መንገደኛ ግን «ነገ እሄድና የዛሬ አሥር ዓመት ተመልሼ መጥቻለሁ» አለን። ጣቴን ቆጠርኩ፤ ከዘራዬንም ጨመርኩበት፤ አልመጣልኝም።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለች እምዬ በቃ።

«እንኳን ደህና ቆያችሁኝ» አለና ሻንጣውን ከፍቶ ውስጡ ገባ። ይሄን እኔ አላስተማርኳትም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ ለብሷል። ሳየው አወቅኩት። አያቴ አባባ ፈንታ ነው፤ የእምዬ ባል፤ እኔ ሳልወለድ የሞተ። በፎቶግራፍ ነው የማውቀው። መሰላሉን ቀስ ብሎ ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ማን ሞቶበት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ እምዬ።

«እኛ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ።

«ምን ይባላል?»

«ለሐዘንተኛ ገብተሽ እንደምን አደርክ አይባልም። ደህና ነህ ወይ አይባልም። አጠገቡ ትቀመጫለሽ፤ ዝም ትያለሽ። ካለቀሰ ታለቅሻለሽ። ስትነሺ ብቻ እግዚአብሔር ያጽናህ ትያለሽ።»

ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ትንሽ እጇን ጉልበቱ ላይ አደረገች። አባባ ፈንታ «ሁላችሁንም በአንድ ቀን ነው ያጣሁት፤ አንዳችሁም አልቀራችሁልኝም» አለ። እምዬ አልመለሰችለትም፤ እንደተነገራት ዝም አለች። አላወቀችውም። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ገና አላገባችውም። ያኔ ሁለቱንም አቅፌ መያዝ ፈለግኩ፤ ግን አያትና አሮጊት ስለሆንኩ ከመቀመጫዬ መነሳት አልቻልኩም። ሲበቃት ተነሳችና «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችው። እሱም «አሜን፣ ቸር ወሬ ያሰማሽ» ብሏት ወጣ። ወደ ኋላ እየዞረ ያያት ነበር።

በቃ አበቃ፣ አለፈችው አልኩ በልቤ። ሁሉንም አልፋለች፤ ከእንግዲህ ማንም አይወስድብኝም ብዬ ከዘራዬን ልጥል ስል መሰላሉ ተንቋቋ። ሦስት ዱላዎች ወረዱ፤ ሦስት ሽማግሌዎችን ተመርኩዘው።

«እንደምን ዋላችሁ፤ ግቡ» አለች እምዬ። ቀኝ እጇን ዘረጋች፣ በግራዋ ደገፈች፣ ለእያንዳንዳቸው በየዕድሜያቸው ጎንበስ አለች፤ ትልቁን አስቀደመች። «አረፍ በሉ።»

«አንቀመጥም» አለ ትልቁ ዱላ። «ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

እምዬ ይህንንም አውቃለች። ለምን መጣችሁ ብላ አልጠየቀችም። እንዲቀመጡ አልጎተተችም። በሩን እንደከፈተች ትታ፣ ዓይኗን ሰብራ፣ ወደ ጓዳ ገባች። ጉዳዩን የሚሰማው ትልቅ ሰው ነዋ፤ የቤቱ ትልቅ ደግሞ እኔ ነኝ።

«ይህችን ልጅ ልንወስድ ነው» አለ ዱላው።

«ምን ተሳስታ?» አልኩ። «አንዱንም አልተሳሳተችም። ሕጉ የተሳሳተ ይሄዳል ነው የሚለው።»

ሦስቱ ዱላዎች ተያዩ። ሽማግሌዎቹም ተያዩ።

«እሱማ የድሮው ነው» አለ መካከለኛው። «የተሳሳተ ልጅ ማን ቤት ይፈልገዋል? አገር ለአገር የዞርነው የማትሳሳተዋን ፍለጋ ነው። እንዲህ አድርገሽ አስተምረሽ ለራስሽ ልታስቀሪያት ነበር?»

ያኔ ገባኝ። ቀኑን ሙሉ ለእሷ ብዬ ያስተማርኳት ሁሉ ለመውሰጃዋ ነው። ወደ ጓዳው ጮህኩ።

«እምዬ፣ ውጪና ተሳሳቺ! ግራ እጅሽን ስጫቸው። ተቀምጠሽ ሰላም በያቸው። እንደ አራስ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ በያቸው፤ ያሻሽን በይ ብቻ ተሳሳቺ!»

እምዬ ከጓዳ አንገቷን አወጣች። ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

«እንዴት ነው የሚሳሳቱት?» አለች። «እሱን አላስተማርሽኝም።»

ትልቁ ዱላ እጇን ሲይዝ ነቃሁ።

ነግቷል። ጣሪያው በቦታው አለ፤ ጉልበቴ አያመኝም። አጠገቤን ስዳብስ የእምዬ ፍራሽ ባዶ ነው። ከደጅ የወንዶች ጉሮሮ መጥረግ ተሰማኝ፤ ቀጥሎም የከዘራ ድምፅ። ሽማግሌዎቹ ደርሰዋል፤ እኔ በር ልከፍት ተመርጬ እንቅልፍ ጥሎኛል። ቀሚሴን እያጠለቅኩ ወደ በሩ ስሮጥ እምዬ ቀድማኝ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ መቀርቀሪያውን ስታነሳ አየኋት። ፀጉሯን አበጥራ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳለች። ዕድሜዋን ሙሉ ለቄሱም፣ ለዳኛውም፣ ለለማኙም የሚባለውን ሳትስት የኖረች ሴት ናትና እፎይ አልኩ። እኔ ከማበላሽ እሷ ትቀበላቸው ብዬ ከግድግዳው ጋር ተጣበቅኩ።

በሩ ተከፈተ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጫጭ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ገና አፋቸውን ሲከፍቱ እምዬ ቀደመቻቸው። ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ በግራዋ ደገፈች፤ አንገቷን ሰበር አደረገች።

«እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አለች። «ደክማችሁልኛል። በሰላም ያግባችሁ፤ ለቤተሰቡም ሁሉ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ከደጃፉ ሳያልፉ ተያዩ። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«እመቤቴ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ገና መምጣታችን እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች እምዬ።